የተለገሰ ደም እንዴት ይከፋፈላል? ስለ ቀይ ሴል፣ ፕላትሌት፣ ፕላዝማና ክራዮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደም የለገሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመስለው ከረጢቱ እንዳለ ሄዶ ለአንድ ታማሚ እንደሚሰጥ ነው። አንዳንድ ቦታ አሁንም እንደዛ ይደረጋል። የመለያ መሣሪያ ያለው ደም ባንክ ግን ደሙን በዚያው ቀን ይከፋፍለዋል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማስቀመጫ፣ የራሱ ዕድሜና የራሱ ታማሚ አለው። ከሰዎች በብዛት የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። አራተኛው ተዋጽኦ፣ ክራዮፕሪሲፒቴት የሚባለው (እኛ ባጭሩ ክራዮ ነው የምንለው)፣ ብዙም ስለማይታወቅ እሱ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ቆሜያለሁ።

ደሙን ለምን እንዳለ አትሰጡም? መከፋፈል ለምን አስፈለገ?

ብዙ ሰው የሚያውቀው ምክንያት ታማሚው የጎደለውን ብቻ እንዲያገኝ ነው የሚለው ነው። ልክ ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ ሴል ነው፣ ፕላዝማው ለሱ ትርፍ ፈሳሽ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፣ በአንድ ማስቀመጫ አብረው መኖር አይችሉም። ቀይ ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ፕላትሌት፣ ማለትም ተጣብቆ መድማትን የሚያስቆመው ጥቃቅን ሴል፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ነው የሚቆየው፣ ያውም እየተወዛወዘ። ፕላዝማ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ወይም ከዚያም በቀዘቀዘ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ መሆን አለበት። ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጡ የሚጠቀመው ቀይ ሴሉ ብቻ ነው። ቅዝቃዜ የነካቸው ፕላትሌቶች ቅርፃቸው ይለወጣል፣ ታማሚው ውስጥ ሲገቡም ጉበት ቶሎ ጠርጎ ያወጣቸዋል። ከደም መርጋት ፕሮቲኖች መካከል በተለይ ፋክተር 8 የሚባለው ፍሪጅ ውስጥ በቀናት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሳምንት የቆየ ሙሉ ደም፣ ስሙ ሙሉ ይሁን እንጂ፣ በተግባር ቀይ ሴልና የተዳከመ ፕላዝማ ነው።

ሙሉ ደም ጭራሽ አይሰጥም ማለት ግን አይደለም። በከባድ አደጋ ብዙ ደም ለሚፈሰው ሰው፣ በተለይ ትኩስ ከሆነ፣ ዛሬም ይሰጣል፣ እንዲያውም አንዳንድ የአደጋ ማዕከላት ወደሱ እየተመለሱ ነው።

ስለግስ ከዋናው ከረጢት ጋር የተያያዙ ባዶ ከረጢቶች አያለሁ። ምን ያደርጋሉ?

ደማችሁ በኋላ የሚከፋፈልባቸው ናቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በቱቦ የተያያዙት ደሙ ሲለይ አየር እንዳይነካው ነው። አንዴ ከተከፈተ ባክቴሪያ ሊገባበት ስለሚችል ዕድሜው ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ይወርዳል። በመጀመሪያ የሚወጣው ትንሽ ደም ወደ አንዲት ለብቻዋ ያለች ትንሽ ከረጢት የሚገባውም ለዚህ ነው፣ መርፌው ቆዳ ላይ የነካውን ባክቴሪያ ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ያ ደም አይባክንም፣ ለምርመራ ይውላል።

ዋናው ከረጢት ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ ወደ 63 ሚሊሊትር የሚሆን ፈሳሽ አለ። ውስጡ ሲትሬት አለበት። ደም ለመርጋት ካልሲየም የግድ ያስፈልገዋል፣ ሲትሬቱ ደግሞ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ ደሙ አይረጋም። 450 ሚሊሊትር ደም ሲገባበት ከረጢቱ እየተወዛወዘ እንዲቀላቀል የሚደረገው ለዚህ ነው። ሲትሬትን አስታውሱት፣ ወደ ታች ስለ አንዲት እናት ሳወራ ይመለሳል።

እሺ፣ ሴንትሪፊዩጁ ምን ያደርጋል?

ያሽከረክራል፣ በቃ። የደፈረሰ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ከባዱ ወደ ታች እንደሚወርደው ነው፣ ማሽኑ ሰዓታት የሚፈጀውን ወደ ደቂቃዎች ያሳጥረዋል። በክብደት ቅደም ተከተል ከታች ቀይ ሴል፣ ከሱ በላይ ነጭ ሴል፣ ከዚያ ፕላትሌት፣ ከሁሉም በላይ ቢጫው ፕላዝማ ይቀመጣል።

ዘዴው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ይሽከረከራል፣ ለምሳሌ ከመሬት ስበት 2,000 እጥፍ ገደማ በሆነ ኃይል ለ3 ደቂቃ። ይህ ቀይ ሴሉን ለማውረድ ይበቃል፣ ፕላትሌቱን ለማውረድ ግን አይበቃም፣ ስለዚህ ፕላትሌቱ ከላይ ፕላዝማው ውስጥ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ከረጢቱ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ገብቶ ቀስ ተብሎ ሲጫን፣ ላይኛው ቢጫ ፈሳሽ በቱቦው ወደ ሁለተኛው ከረጢት ያልፋል። ቀይ መስመሩ ቱቦው አፍ ሲደርስ ቱቦው ይቆለፋል።

ከታች ለቀረው ቀይ ሴል 100 ሚሊሊትር ገደማ መጋቢ ፈሳሽ ይጨመርለታል፣ ውስጡ ጨው፣ ግሉኮስ፣ አዴኒንና ማኒቶል አለበት። ይህ ፈሳሽ ነው ሴሉን ፍሪጅ ውስጥ እስከ 42 ቀን የሚያቆየው። ያለሱ 35 ቀን አካባቢ ነው፣ ያውም አዴኒን ያለበት የመለገሻ ከረጢት ከሆነ።

ቢጫው ፈሳሽ ደግሞ ተመልሶ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ አሁን በኃይል፣ ከመሬት ስበት 5,000 እጥፍ ገደማ ለ5 ደቂቃ። ፕላትሌቱ ታች ላይ ተጨፍልቆ ይቀመጣል፣ ፕላዝማው ወደ ሦስተኛ ከረጢት ይገፋና ፕላትሌቱ ጋር ከ50 እስከ 60 ሚሊሊትር ብቻ ይቀራል። ከዚያ ፕላትሌቱን አንድ ሰዓት ያህል አትነኩትም። ወዲያው ብታወዛውዙት እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ካረፈ በኋላ ግን ራሱ ይላቀቃል። ፕላዝማው፣ 200 ወይም 250 ሚሊሊትር ገደማ፣ በፍጥነት ወደ በረዶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ዘዴ ከተገላቢጦሹ ይጀምራል። መጀመሪያ በኃይል ይሽከረከርና በቀዩና በቢጫው መካከል የምትገኘው ነጣ ያለች ስስ ንብርብር ለብቻዋ ትወሰዳለች። የአራት ወይም የአምስት ለጋሾች ንብርብር ተቀላቅሎ፣ እንደገና ቀስ ተብሎ ተሽከርክሮ፣ አንድ የአዋቂ መጠን ፕላትሌት ይወጣል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፕላትሌቱ ላይ የሚደርሰው ጭፍለቃ ያነሰ ስለሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ሁለቱም ግን ይሠራሉ።

ለትኩስ በረዶ ፕላዝማ ጊዜው አጭር ነው፣ በተለምዶ ከተለገሰ በ8 ሰዓት ውስጥ። ደግሞ ፕላትሌት ሊወጣበት የታሰበ ደም እስከዚያ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ መግባት የለበትም። የመለገሻ ቡድን ራቅ ያለ ቦታ ሲሄድ ደሙ ዘግይቶ የሚደርሰው ስለሚበዛ ከሱ ቀይ ሴል ብቻ የሚወጣበት ቀን አለ።

ተበላሽቶ የሚጣል አለ? በምን ታውቁታላችሁ?

አለ፣ ብዙውም በዓይን ይታወቃል።

መርፌው በደንብ ስላልገባ ደሙ እየተንጠባጠበ ከ15 ደቂቃ በላይ ከፈጀ መርጋት ጀምሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል ከሱ ፕላትሌትና ፕላዝማ አናወጣም። ፕላዝማው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሁለት ነገር እንጠረጥራለን፦ ወይ ቀይ ሴሎች ፈንድተዋል፣ ወይ ደግሞ ሲጫን እጃችን ቸኩሎ ቀዩን አሳልፎታል። እንደ ወተት የነጣ ፕላዝማ ለጋሹ ቅባት የበዛበት ነገር በልቶ እንደመጣ ይናገራል፣ ምርመራዎችንም ስለሚያስቸግር ይወገዳል። ከመለገሳችሁ በፊት ብሉ፣ ግን ቅባት አታብዙ የሚባለው ለዚህ ነው።

ፕላትሌት የራሱ ቆንጆ ምልክት አለው። ከረጢቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስታሽከረክሩት፣ ጤነኛ ፕላትሌት ከሆነ ውስጡ የሚሽከረከር ብልጭልጭታ ይታያል። ጠፍጣፋ ቅርፃቸውን ስለያዙ ብርሃኑን ይበትኑታል። ክብ ሆነው ከተበላሹ ፈሳሹ ደብዝዞ ዝም ይላል።

ፍሪጅ ውስጥ የበረደ ቀይ ሴል ደግሞ አለ። የማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ በረዶ የነካው ከረጢት ሲቀልጥ ሴሎቹ ፈንድተው ይጠቁራሉ። ማንም ሰው ያንን ደም መቀበል የለበትም። ስለዚህ ነው የደም ፍሪጅ ማንቂያ ደወል ያለው፣ ለምግብ የሚሆን ፍሪጅም የማይተካው።

ቀይ ሴል መቼ ነው የሚሰጠው?

ኦክስጅን የሚሸከምለት ሲጎድል። ሆስፒታል ተኝቶ ደሙ ላልፈሰሰና ለተረጋጋ አዋቂ፣ ቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ7 ግራም በታች ሲወርድ ነው በአብዛኛው የሚታሰበው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ላይ መነሻው 8 ይሆናል። አንድ ከረጢት የአዋቂን ሄሞግሎቢን በ1 ግራም ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ዱሮ ከ10 በታች ከሆነ ስጥ የሚል ልማድ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ታማሚ በ7 ደህና እንደሚሆን ስላሳዩ ልማዱ ቀስ በቀስ ተቀየረ። ቁጥር ብቻ አይወስንም፣ እየደማ ያለ ሰው ሄሞግሎቢኑ ለጊዜው ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚፈሰው ቀዩም ፈሳሹም አብሮ ስለሆነ የቀረው ደም ወዲያው አይቀጥንም።

ከፍሪጅ ወጥቶ መሰጠት የተጀመረ ቀይ ሴል በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የቆየ ከረጢት ተመልሶ ፍሪጅ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው አሁንም አለ። አይገባም።

ፕላትሌትስ? ለምንድን ነው ሁሌ የሚያልቀው?

ዕድሜው 5 ቀን ነው፣ የተጨማሪ ባክቴሪያ ምርመራ ያለባቸው ቦታዎች 7 ያደርሱታል። በክፍል ሙቀት ስለሚቀመጥ ጥቂት ባክቴሪያ ከገባበት እዚያው ይራባል፣ ስለዚህ ከተዋጽኦዎቹ ሁሉ በባክቴሪያ የሚያሰጋን እሱ ነው። የኢንፌክሽን ምርመራው ራሱ አንድ ሁለት ቀን ስለሚበላ፣ ሆስፒታል የሚደርሰው ሦስት ቀን ቢቀረው ነው። ረጅም በዓል ሲመጣ የደም ባንክ ሰው የሚያሳስበው ቀይ ሴል ሳይሆን ይሄ ነው።

የሚሰጠው በተለይ የካንሰር ሕክምና መቅኒያቸውን ላዳከመባቸው ታማሚዎች ነው። በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች ከወረደ፣ ባይደማም እንኳ፣ ለመከላከል ይሰጣል። እየደማ ከሆነ ወይም ቀዶ ሕክምና ካለው ከ50,000 በላይ እንዲሆን ይፈለጋል፣ አንጎል ላይ ከሆነ 100,000።

አንድ የማይሰጥበት ቦታ ልጥቀስ፣ ስህተቱ ከባድ ስለሆነ። ቲ ቲ ፒ በሚባለው ሕመም ፕላትሌት የሚያንሰው ትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ተጣብቆ ስላለቀ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን ብቻ አይቶ ሌላ ፕላትሌት የሚጨምር ሰው መርጋቱን ሊያባብስ ይችላል። የዚህ ሕመም ሕክምና የታማሚውን ፕላዝማ አውጥቶ በለጋሽ ፕላዝማ መቀየር ነው።

ፕላዝማ ለደከመ ሰው ጉልበት ይሰጣል?

አይሰጥም። ፕላዝማ ምግብ አይደለም፣ ፈሳሽ ላነሰው ሰው ፈሳሽ መሙያም አይደለም፣ ለሱ ርካሽና አለርጂ የማያመጣ ጉሉኮስና ጨው ያለው ፈሳሽ አለ።

የሚፈለገው ውስጡ ያሉት የደም መርጋት ፕሮቲኖች ሁሉ በአንድ ላይ ሲጎድሉ ነው፦ ብዙ ደም ሲፈስ፣ ጉበቱ የደከመ ሰው ሲደማ፣ ወይም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በአደገኛ ሁኔታ ሲደማና የተሻለው መድኃኒት በማይገኝበት ጊዜ። መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊሊትር ነው፣ ለ60 ኪሎ ሰው ሦስት አራት ከረጢት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚሳተው፣ ለአዋቂ አንድ ከረጢት ይታዘዛል። አንድ ከረጢት ፕላዝማ ለአዋቂ ሰው ምንም አያደርግም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የማይደማ ሰው ደሙ ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው የላብራቶሪ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ስላለ ብቻ ፕላዝማ መስጠትም አላምንበትም። ለጋሹ ራሱ ተራ ሰው ነው፣ ፕላዝማውም የተራ ሰው ፕላዝማ ነው፣ ትንሽ የተዛባን ቁጥር ብዙ አያስተካክልም። የሚጨምረው ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹ ደግሞ ሳንባ ላይ ሊጠራቀም ይችላል።

ክራዮ ምንድን ነው? እንዴት ነው የሚወጣው?

በረዶ የሆነውን ፕላዝማ ታወጡትና ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ትተዉታላችሁ። ብዙው ፈሳሽ ሲሆን የተወሰኑ ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በዚያ ቅዝቃዜ አይሟሙም፣ ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ። ገና ጥቂት በረዶ እያለበት ከረጢቱ በኃይል ይሽከረከራል፣ ዝቃጩ ታች ይጣበቃል፣ ላይ ያለው ፈሳሽ ወደ ሌላ ከረጢት ይወጣል። የሚቀረው ከ10 እስከ 15 ሚሊሊትር ነው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ በረዶ ይሆናል፣ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። የቸኮለ ሰው ፕላዝማውን ሞቅ ባለ ቦታ ካቀለጠው ዝቃጩ ተመልሶ ይሟሟል፣ ከላይ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋርም አብሮ ይሄዳል። ከረጢቱ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። በዓይን የማይያዝ ብልሽት ስለሆነ አልፎ አልፎ ከረጢቶች ተመርጠው የፋይብሪኖጅን መጠናቸው ይለካል። ዝቅተኛው መመዘኛ በአንድ ከረጢት 150 ሚሊግራም ነው፣ በደንብ የተሠራ ከዚያ በላይ አለው።

ውስጡ ያለው ፋይብሪኖጅን፣ ፋክተር 8፣ ፎን ዊሊብራንድ ፋክተርና ፋክተር 13 ነው። ነገሩን ያስተዋለችው አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲት ፑል ነበረች፣ በ1964 እ.ኤ.አ.። ቀስ ብሎ የቀለጠ ፕላዝማ ታች ላይ የሚተወው ዝቃጭ በፋክተር 8 የተሞላ መሆኑን አየች። ያኔ ፋክተር 8 ለሚጎድላቸው የሄሞፊሊያ ታማሚዎች ትልቅ ነገር ነበር፣ ከዚያ በፊት ፋክተሩን ለማግኘት ፕላዝማ በሊትር መቀበል ነበረባቸውና። ዛሬ ለሄሞፊሊያ የተጣራ የፋክተር መድኃኒት ባለበት ቦታ ክራዮ አይመረጥም። አሁን ክራዮን የምንፈልገው በዋናነት ለፋይብሪኖጅኑ ነው።

ክራዮ ከፕላዝማ የሚወጣ ከሆነ ፕላዝማውን መስጠት አይበቃም?

ምርጥ ጥያቄ ነው፣ ሐኪሞችም ይጠይቁታል። በአንዲት እናት ላስረዳ። ታማሚዋ ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳት ናት፣ ነገሩ ግን ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥም ዓይነት ነው።

ክብደቷ 62 ኪሎ ነው። ከወለደች በኋላ ማህፀኗ አልኮማተር ብሎ ከ2 ሊትር በላይ ደም ፈሷታል። ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት ተሰጥቷታል፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገውን ትራኔክሳሚክ አሲድም 1 ግራም ወስዳለች። 4 ከረጢት ቀይ ሴልና 4 ከረጢት ፕላዝማ ገብቶላታል። አሁንም ትደማለች። ያ ደም ደግሞ ጨርቅ ላይ ሲወርድ አይረጋም፣ ውሃ ሆኖ ይፈስሳል፣ ይሄ ራሱ ምልክት ነው። ውጤቱ መጣ፦ ሄሞግሎቢን 7.9፣ ፕላትሌት 92,000፣ ፋይብሪኖጅን በሊትር 1.1 ግራም።

ፋይብሪኖጅን ማለት የረጋ ደም የሚያያዝበት ክር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሊትር ከ4 እስከ 6 ግራም አላት፣ ካልፀነሰ ሰው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ እየደማች ያለች ወላድ ላይ ከ2 በታች ከሆነ አደጋ ነው፣ 1.1 ደግሞ ለእሷ ከነበራት ከሩብ ብዙ ያልበለጠ ነው።

አሁን ሁለት ምርጫ አለን እንበል። ሂሳቡን በግርድፉ እንሥራው። በሰውነቷ ውስጥ 3 ሊትር ፕላዝማ አለ ብንል፣ ያላት ፋይብሪኖጅን 3.3 ግራም ነው።

ሌላ 4 ከረጢት ፕላዝማ ብንሰጣት 1 ሊትር ይሆናል፣ በሱ ውስጥ 2.5 ግራም ፋይብሪኖጅን አለ ብንል ድምሩ 5.8 ግራም ነው። ግን ፈሳሹም 4 ሊትር ሆነ። ስናካፍለው በሊትር 1.45። አንድ ሙሉ ሊትር ሰጥተን ገና 2 አልደረስንም።

10 ከረጢት ክራዮ ብንሰጣትስ? በአማካይ በአንዱ 250 ሚሊግራም ብንል ያው 2.5 ግራም ነው። ፈሳሹ ግን 150 ሚሊሊትር ብቻ። 5.8ን ለ3.15 ስናካፍል በሊትር 1.84 ይመጣል። የተሰጠው ፋይብሪኖጅን እኩል ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው ውሃው ነው። ፕላዝማ ያላትን ፋይብሪኖጅን እያቀጠነ ይጨምራል፣ ክራዮ ሳያቀጥን ይጨምራል። በዚያ ላይ ክራዮው በደቂቃዎች ይገባል፣ ሊትሩ ፕላዝማ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሳንባዋንም ሊሞላው ይችላል።

ስለዚህ ክራዮ ይታዘዛል። 1.84 ገና 2 ስላልሆነና መድማቷም ስላልቆመ ከተሰጠ በኋላ እንደገና ይለካል፣ ካልበቃ ይደገማል። ፕላትሌቷ 92,000 ስለሆነ ለጊዜው ፕላትሌት አያስፈልጋትም፣ ወደ 50,000 እየወረደ ከሆነ ግን ቶሎ ይጠየቃል።

ሲትሬቱን አስታውሱ ብዬ ነበር። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ያለው ሲትሬት አሁን እሷ ደም ውስጥ ገብቶ የራሷን ካልሲየም እየያዘ ነው። በዝግታ ቢሆን ጉበት ያስወግደዋል፣ በዚህ ፍጥነት ግን አይደርስለትም። ካልሲየም ሲወርድ ልብም ይደክማል፣ ደሙም አይረጋም፣ የሰጣችሁት ፋይብሪኖጅን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ካልሲየሟ ይለካል፣ በደም ሥርም ይሰጣታል። ማሞቅም አይረሳ፣ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ደሟ በደንብ አይረጋም።

የደም ዓይነት ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው?

አይደለም፣ ለፕላዝማ ይገለበጣል። በቀይ ሴል ኦ ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ሴሉ ላይ ኤ እና ቢ የሚባሉት ምልክቶች ስለሌሉበት ነው። የኦ ሰው ፕላዝማ ውስጥ ግን የኤንም የቢንም ሴል የሚያጠቃ ፀረ አካል አለ። ስለዚህ በፕላዝማ ለሁሉም የሚሆነው ኤቢ ነው፣ የኦ ፕላዝማ ደግሞ ለኦ ብቻ። የደም ዓይነታችሁ ኤቢ ከሆነና «የኔ ደም ለማንም አይሆንም» ብላችሁ ከቀራችሁ፣ ፕላዝማችሁ በጣም ይፈለጋል።

አንድ ከረጢት 3 ሰው ያድናል የሚባለው እውነት ነው?

ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ሂሳቡ ግን እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ከአንድ ከረጢት አንድ ቀይ ሴል ይወጣል፣ ይሄ ልክ ነው። ፕላትሌቱ ግን ለአዋቂ አንድ መጠን ለመሆን የአራት፣ የአምስት ወይም የስድስት ሰው ይፈልጋል። ፕላዝማና ክራዮ ደግሞ ከአንድ ምንጭ ነው የሚወጡት፣ ክራዮ የወጣበት ፕላዝማ ፋይብሪኖጅኑና ፋክተር 8 ስለተወሰደ እንደ ሙሉ ፕላዝማ አይቆጠርም። ከላይ ያየናት እናት ለክራዮዋ ብቻ የ10 ሰው ልገሳ ወስዳለች።

ፕላትሌት ብቻ የሚለገስበት መንገድም አለ። ማሽኑ ደማችሁን እያወጣ ፕላትሌቱን ይለይና ቀሪውን ይመልስላችኋል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ከአንድ ሰው አንድ ሙሉ የአዋቂ መጠን ይገኛል። ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ ከተሰማችሁ ለባለሙያው ንገሩ፣ እሱም ያው ሲትሬት ነው።

አስፒሪን ወስጄ መለገስ እችላለሁ?

ብዙ ቦታ ሙሉ ደም መለገስ ትችላላችሁ፣ ግን ሳትደብቁ ተናገሩ። አስፒሪን የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ በደንብ አይጣበቅም፣ ስለዚህ ከረጢታችሁ ላይ ምልክት ይደረግና ፕላትሌቱ ለብቻው አይወጣም፣ ቀይ ሴሉና ፕላዝማው ግን ምንም አይሆኑም። ፕላትሌት ብቻ ልትለግሱ ከሆነ መድኃኒቱን ከወሰዳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማለፍ አለበት፣ ስንቱን እንደሆነ ደም ባንኩ ይነግራችኋል።

የቀለጠ ክራዮ ሳይሰጥ ቢቀር ተመልሶ ይቀመጣል?

አይቀመጥም። ከቀለጠ በኋላ የሚቆየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው፣ የብዙ ከረጢት ክራዮ የተቀላቀለ ከሆነ ወደ 4ቱ ይጠጋል፣ እሱም በክፍል ሙቀት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ዝቃጩ ተመልሶ ይረጋል፣ በቱቦውም አይወርድም። ስለዚህ ለደም ባንኩ ስልክ የሚደወለው «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ ሳይሆን ሊሰጥ ሲወሰን ነው። ለማቅለጥ፣ ለመቀላቀልና ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ አስባችሁ የፋይብሪኖጅኑን ምርመራ መድማቱ እንደበዛ ላኩት።